የሚነገረው ሁሉ ይጻፍ?

የሥልጠና ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ብዙዎች ተናጋሪው የሚለው ሁሉ በስክሪኑ ላይ ካልተጻፈ ሠራተኛው እንደማይገባው ያምናሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ሜየር ያካሄዷቸው ሙከራዎች ግን ሌላ ነገር አሳይተዋል። ምስልና ድምፅ ባሉበት ያው ንግግር በጽሑፍ ሲደገም ተማሪው የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ዓይን ጽሑፉን እያነበበ የሚንቀሳቀሰውን ምስል አብሮ መከታተል አይችልምና። መስማት ለተሳነው ሠራተኛ ወይም ቋንቋው ሁለተኛው ለሆነ ሰው ግን ሙሉ ጽሑፍ ያስፈልጋል። እሱም ሲፈለግ የሚበራና የሚጠፋ ሆኖ ለብቻው ይዘጋጅ።

በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ያለ ጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርቱን DHIS2 በተባለው ሥርዓት እንዴት እንደሚሞላ የሚያሳይ ቪዲዮ ይሠራል እንበል። የተለመደው አጀማመር መግቢያ ገጹ ላይ የይለፍ ቃል ሲጻፍ ማሳየት ነው። ሠራተኛው የሚሳሳተው ግን እዚያ አይደለም፤ ቁጥሩን ከመዝገብ ሲያወጣና ወሩን ሲመርጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትዕይንት በሥራ ቦታ የተቀረጸ ይሁን፦ እጅ በመዝገቡ ዓምድ ላይ እየወረደ ሲቆጥር፣ ድምሩም በወረቀት ላይ ሲሰፍር። ወዲያው ያው ድምር በኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ይታይ። በሁለቱም ትዕይንት ቁጥሩ አንድ ከሆነ፣ 34 ከሆነ 34፣ ተመልካቹ ወረቀቱንና ስክሪኑን ያለ ማብራሪያ ያገናኛል።

በስክሪኑ ላይ የሚጻፈው እንግዲህ ጥቂት ነው፦ «ወሩን ይምረጡ»፣ «ድምሩን ያስገቡ»፣ መጨረሻ ላይ «Complete የሚለውን ይጫኑ»። የመጨረሻው ከሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ። ቁጥሩን ሞልቶ ይህን ሳይጫን የወጣ ጤና ጣቢያ ሪፖርት እንዳላደረገ ይቆጠራልና። የአዝራሩ ስም ሠራተኛው ስክሪኑ ላይ በሚያገኘው መልክ ይጻፍ፤ ከተተረጎመ ፈልጎ ያጣዋል።

ቀረጻው ጥራት ካለው ጽሑፉም ይነበባል የሚለውም ስሕተት ነው። የኮምፒውተር ስክሪን እንዳለ ስልክ ላይ ሲታይ ፊደሉ ይደቅቃል፤ የፊደላችን ካዕብና ሣልስ ደግሞ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ «ሉ» እና «ሊ» ይምታታሉ። አዘጋጁ የሚሠራበትን ክፍል ብቻ አጉልቶ ያሳይ፤ ጽሑፉን በወፍራም ነጭ ፊደል፣ ከጀርባው ጠቆር ያለ ሰሌዳ አድርጎ ያስቀምጥ። ከዚያ በተራ ስልክ፣ ክንድ ዘርግቶ ይመልከተው። እዚያ ካልተነበበ ፊደሉ ይተልቅ እንጂ ቃል አይጨመር።

የታካሚን ስም ማደብዘዝ ይበቃል የሚሉም አሉ። ገጹ ወደ ታች ሲንሸራተት ስሙ ከደበዘዘው ቦታ ሾልኮ ለቅጽበት ይታያል፤ ቪዲዮውን ያቆመ ሰው ያነበዋል። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት መዝገቡም ኮምፒውተሩም በፈጠራ ስምና ቁጥር ይሞሉ።