የራስዎን የሕክምና መዝገብ ቅጂ ሲጠይቁ ለምን እና በምን መልክ እንደሚፈልጉት ይግለጹ

ከስማዳ፣ ከእስቴ ወይም ከጋይንት ተነሥተው ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚታከሙ ሰዎች ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ወደ ምርመራ ክፍል ይገባሉ። ፌስታሉ ሲከፈት የመድኃኒት ማዘዣ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የቀጠሮ ካርድ እና የተጣጠፈ የራጅ ፊልም ይወጣል። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ውስጥ የለም። እሱ ያለው ሕክምናው በተደረገበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከአጠያየቁ ነው። ታካሚው ካርድ ክፍል ሄዶ «የሕክምና ማስረጃ ስጡኝ» ይላል። በሆስፒታል ቋንቋ ግን «የሕክምና ማስረጃ» ማለት ሰውየው መታመሙንና ስንት ቀን ማረፍ እንዳለበት የሚገልጽ፣ ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሠራተኛው የተጠየቀውን ይሰጣል፤ ታካሚውም ማኅተም ያለበት ወረቀት በማግኘቱ ደስ ብሎት ይመለሳል። ያ ወረቀት ለቀጣዩ ሐኪም የሚነግረው ነገር የለም። ስለዚህ ስሙን ለይተው «የሕክምና መዝገቤን ቅጂ» ብለው ይጠይቁ፤ ቀጥሎም ለምን እንደፈለጉት ይናገሩ።

ዓላማው የሚነገረው ሠራተኛው የግል ጉዳይዎን እንዲያውቅ አይደለም። የሚሰጥዎት ነገር በዓላማው ስለሚለያይ ነው። ለጡረታ ወይም ለአካል ጉዳት ካሣ ከሆነ የሚፈለገው የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ስለሆነ የመዝገብ ቅጂ ብቻውን አይበቃም። ድብደባ ወይም የመኪና አደጋ ደርሶብዎ ጉዳዩ በክስ ላይ ከሆነ ደግሞ ማስረጃው የሚጻፈው በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ደብዳቤ ሲጠየቅ ነው፤ ምላሹም በቀጥታ ለጠየቀው አካል ይላካል። ለሌላ ሐኪም ከሆነ ግን የሚያስፈልገው የመዝገቡ ዝርዝር ነው። ከዚህ በታች የማወራው ስለዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የወገዳ ነዋሪ በጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት በአንድ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ወጣላት እንበል። የወጣው ሥጋ ተመርምሮ ካንሰር መሆኑ ተነገራት፤ የጨረር ሕክምና እንድትከታተል ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተላከች። እዚያ የሚያያት ሐኪም አራት ነገሮችን ማወቅ ይፈልጋል። እብጠቱ ምን ያህል ነበር? በቀዶ ሕክምናው ምን ምን ወጣ? የሥጋ ምርመራው ምን አለ? በሽታው ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል ወይ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ በቀዶ ሕክምና ማስታወሻው እና በመውጫ ማጠቃለያው ላይ ይገኛል። ለእነዚህ ማኅተም ያረፈበት ግልጽ ፎቶ ኮፒ ይበቃል።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሥጋ ምርመራ ውጤት፣ ባዮፕሲ የምንለው፣ ወረቀት ብቻ አይደለም። ላቦራቶሪው ከሥጋው ቆርጦ በሰም ውስጥ ያስቀመጠው ትንሽ ቁራጭ አለ፤ ባለሙያዎቹ «ብሎክ» ይሉታል። ከእሱ በስሱ ተቆርጦ በመስታወት ላይ የተለጠፈው ደግሞ «ስላይድ» ይባላል። ተቀባዩ ሆስፒታል ስላይዱን በራሱ ባለሙያ ደግሞ ማየት ሊፈልግ ይችላል። ካንሰሩ ለሆርሞን መድኃኒት ይመልስ እንደሆነ የሚለየው ምርመራም ከብሎኩ ላይ ይሠራል። ብሎኩ ከሌለ ታካሚዋ ለሌላ የሥጋ ናሙና እንደገና ልትወጋ ትችላለች። ስለዚህ በጥያቄዋ ላይ የባዮፕሲውን ቁጥር ጽፋ ስላይድና ብሎክ ማለት አለባት። ሥጋው የተመረመረው በሌላ ከተማ ላቦራቶሪ ከሆነ ጥያቄው የሚቀርበው ለዚያ ላቦራቶሪ ነው። ብሎክ ቅጂ ስለሌለው በፊርማ ነው የሚሰጠው፤ ሙቀት ያቀልጠዋልና ፀሐይ ላይ ወይም በመኪና መስኮት ሥር አይቀመጥ።

ለአራተኛው ጥያቄ ሲቲ ስካን ተነሥታ ከሆነ በሲዲ መጠየቅ አለባት። የታተመው ፊልም የተመረጡ ምስሎችን ብቻ ይይዛል፤ ሐኪሙ ግን ምስሎቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ይፈልጋል። ፊልሙን በመስኮት ብርሃን ላይ አድርጎ በስልክ ፎቶ ማንሣትማ ለራጅም አይመከር። ሲዲው «ዳይኮም» በሚባለው የሕክምና ምስል ዓይነት እንዲሆን ይጠይቁ፤ ሲከፈት DICOMDIR የሚል ፋይል ይታያል። ከመውጣትዎ በፊት እዚያው ራጅ ክፍል ኮምፒውተር ላይ አስከፍተው ስምዎ መታየቱን ያረጋግጡ። ባዶ ሲዲ ይዞ ወገዳ የደረሰ ሰው የተመላሹን መንገድ ያውቀዋል።

ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። የምሳሌያችን ሴት እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦

«ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር። ጉዳዩ፦ የሕክምና መዝገቤን ቅጂ ስለመጠየቅ። እኔ (ሙሉ ስም ከነአያት)፣ የካርድ ቁጥሬ (…)፣ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በቀኝ ጡቴ ላይ ለነበረ እብጠት በሆስፒታላችሁ ተኝቼ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ቀጣዩን ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመከታተል ለሚያክመኝ ሐኪም የማቀርበው የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ፣ የመውጫ ማጠቃለያ እና የባዮፕሲ ውጤት ማኅተም ያለበት ቅጂ፣ የባዮፕሲ ስላይድና ብሎክ፣ እንዲሁም የሲቲ ስካን ምስል በሲዲ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ከዚህ ጋር መታወቂያ ይያዛል። ራስዎ መሄድ ካልቻሉ የሚልኩት ሰው የጽሑፍ ውክልና ይኑረው፤ ወንድም ወይም ባል መሆን ብቻ የሌላን ሰው መዝገብ አያስከፍትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለራሱ የተያዘን መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል። ቅጂ የመጠየቅ መብትዎም፣ ሠራተኛው «ማን ነህ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታውም ከዚያው ይመነጫሉ። ዋናው መዝገብ ግን ከሆስፒታሉ አይወጣም። በዘመድ በኩል አስወጥተው ሲያመጡት አይቻለሁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ታካሚው መዝገብ አልባ ሆኖ ይቀራል።

«ካርዱ ጠፍቷል» ከተባሉ ወዲያው አይመለሱ። ብዙ ጊዜ መዝገቡ የጠፋ ሳይሆን ከተኙበት ክፍል ወይም ከክትትል ክሊኒክ ያልተመለሰ ነው። ካርድ ቁጥሩ ከሌለዎት በሙሉ ስም፣ በዕድሜ፣ በቀበሌና በታከሙበት ወር ይፈለጋል። እዚህ ላይ ስሙ በመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደተጻፈ ወሳኝ ነው፤ «ወርቅነሽ» እና «ወርቄ» በመዝገብ ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። እኛ ሐኪሞች አንዳንዴ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምንጽፍ ቀኑን ሲናገሩ የትኛው እንደሆነ ይግለጹ።

ቅጂው ሲሰጥዎት እዚያው መስኮቱ ላይ እያሉ ገጾቹን ይቁጠሩ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ስምዎ ወይም ካርድ ቁጥርዎ ይኑር፤ ጠርዙ የተቆረጠ ወይም ደብዝዞ የማይነበብ ገጽ ካለ ወዲያው እንደገና ያስነሡ። (የኛን የእጅ ጽሑፍ ግን ፎቶ ኮፒ አያስተካክለውም፤ የማይነበበውን የጻፈው ሐኪም በመውጫ ማጠቃለያው ላይ በግልጽ እንዲያሰፍርልዎ ይጠይቁ።)

በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የመዝገብ ቅጂ የሪፈር ወረቀትን አይተካም። ሁሉም ቅጂ በእጅዎ ቢኖርም ሪፈሩ ከሌለ የሚሄዱበት ሆስፒታል ከኪስዎ ሊያስከፍልዎ ይችላል። ሪፈሩን የሚጽፈው የላከዎት ሐኪም ስለሆነ፣ ቅጂውን ለመውሰድ በሄዱበት ቀን እሱንም አብረው ያስጽፉ።