«ሁሉም ሕልም ነበር»፦ ተከታታይ ድራማን ከፍጻሜው መለየት

ርእሱ የተረሳን ተከታታይ ድራማ የሚያፈላልግ ሰው «መጨረሻ ላይ ሁሉም ሕልም ሆነ» የሚለውን ገለጻ ብቻ ይዞ ብዙ አይራመድም፤ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብቻ እንኳ ይህ ገለጻ ባሕርያቸው ለየቅል የሆኑ በርካታ ሥራዎችን ያስታውሳልና። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሕልሙ ምን ያህሉን ታሪክ እንደሸፈነ ነው። በ«ዳላስ» ሕልም ሆኖ የተገኘው አንድ ምዕራፍ፣ ማለትም ከ1985 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በተከታታይ የታዩት ክፍሎች ናቸው፤ ሞቶ የነበረው ቦቢ ገላውን ሲታጠብ የቀድሞ ሚስቱ ፓም ታገኘዋለች፤ ድራማው ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቀጥሏል። በመሆኑም ተመልካቹ «ከዚያም ቀጠለ» ካለ፣ ፍለጋው ወደ «ዳላስ» ያደላል።

ሙሉውን ድራማ ሕልም ያደረገው ታዋቂ ምሳሌ በ1990 የተጠናቀቀው «ኒውሃርት» የተባለው አስቂኝ ተከታታይ ነው። አንድ ተመልካች «ባለታሪኩ በገጠር የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፤ በመጨረሻ ከሌላ ሴት ጎን ነቃ» ብሎ ቢያስረዳ፣ ግራ የሚያጋባው ሁለተኛው ሐረግ ዋናው ማስረጃ ይሆናል። በቨርሞንት የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድረው ዲክ ላውደን በጎልፍ ኳስ ራሱን ተመትቶ ይወድቅና፣ ሲነቃ ቦብ ሃርትሊ የተባለ የቺካጎ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኖ ይገኛል፤ አጠገቡ የተኛችው ኤሚሊ ደግሞ ተዋናዩ ቦብ ኒውሃርት ከ1972 እስከ 1978 በሠራው በሌላ ድራማ ውስጥ ሚስቱ የነበረችው ገጸ ባሕርይ ናት። የቀድሞው ድራማ መኝታ ቤት እንደገና ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ በስቱዲዮ የተገኙት ታዳሚዎች ገና ክፍሉን ሲያዩ ነው ያጨበጨቡት። የመጀመሪያውን ድራማ ያላየ ሰው ግን ይህች ሴት ከየት እንደመጣች ስለማያውቅ፣ ከጉዳዩ ውጪ የሆነች እንግዳ አድርጎ ሊገልጻት ይችላል።

በፍለጋው ላይ ዋነኛው እንቅፋት የተመልካች ትዝታ የተለያዩ ፍጻሜዎችን ሁሉ «ሕልም» በሚለው አንድ ቃል መጠቅለሉ ነው። በ1988 የተጠናቀቀው የሆስፒታል ድራማ «ሴንት ኤልስዌር» ታሪኩ በሙሉ የአንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ምናብ መሆኑን በሚጠቁም ትዕይንት ያበቃል፤ ልጁ በእጁ የያዘው የመስታወት ኳስ የሆስፒታሉን ሕንጻ በውስጡ ይዟል፤ በድራማው ሐኪም የነበረው አባቱም የግንባታ ሠራተኛ ልብስ ለብሶ ይመጣል። በ1997 በተላለፈው የ«ሮዛን» ፍጻሜ ደግሞ ከታየው ታሪክ ብዙው ባለታሪኳ የጻፈችው ድርሰት ሆኖ ይገኛል። በሁለቱም ከእንቅልፉ የሚነቃ ሰው የለም፤ ስለዚህ ገላጩ የነቃውን ሰውና አልጋውን ማስታወስ ካልቻለ፣ «ሕልም» የሚለው ቃሉ ራሱ እንደ ማስረጃ መቆጠር የለበትም።