ሶሌታው ከክረምት በፊት ይጠገን

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ቤት የሚያከራይ ባለቤት አሜሪካ ይኖራል እንበል። የሕንፃው አስተዳዳሪ የላይኛው ሶሌታ ውኃ እንደሚያስገባ ሲጽፍለት፣ መጀመሪያ ማስረዳት ያለበት ጥገናው ለምን ጊዜ እንደማይሰጥ ነው። ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ከታየና ልስኑ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ውኃው ፌሮው ጋ ሳይደርስ አልቀረም። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ውኃ መከላከያው ደግሞ የሚይዘው በደረቀ ኮንክሪት ላይ ስለሆነ፣ ሥራው ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት።

ቀጥሎ ፕሮፎርማዎቹን ያነጻጽራል። አንደኛው ተቋራጭ 380,000 ብር ጠይቋል፣ ሁለተኛው 540,000። የመጀመሪያው ይረክሳል፤ ግን ቫት አልጨመረም። 15 በመቶው ሲታከል 437,000 ይሆናል። አሮጌውን ሊሾ ማንሳትና ውኃው ወደ አሸንዳው እንዲወርድ ተዳፋት መሥራትም አልተካተተበትም። ለዚህ ብቻ ከነቫቱ 115,000 ብር ቢያስፈልግ፣ ድምሩ 552,000 ይደርሳል። የሁለተኛው ዋጋ ግን ቫቱንም፣ ይህን ሥራም፣ ሶሌታው ላይ ለ48 ሰዓት ውኃ አቁሮ መፈተሽንም ይጨምራል።

ስለዚህ አስተዳዳሪው ሁለተኛውን ቢመክር ትክክል ነው። ከክፍያው 10 በመቶው ግን ክረምቱ እስኪያልፍ ይያዝ፤ ተቋራጩ የሚያፈስ ቦታ ቢገኝ ተመልሶ እንዲሠራ የሚያስገድደው ይህ ገንዘብ ነው።