ስልክና ጥናት፦ የተማሪዎችን ሰዓት በትክክል የሚለካ ፕሮፖዛል

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ምረጡ ሲባል ቶሎ ከሚመጡት አንዱ ይህ ነው፦ የስማርት ስልክ አጠቃቀምና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጥናት ሰዓት። ርዕሱ ቀላል ይመስላል። ፕሮፖዛሉን፣ ማለትም ማንን፣ ምን፣ በምን ለክተው በስንት ብር እንደሚጠይቁ የሚያሳየውን ዕቅድ፣ መጻፍ ሲጀምሩ ግን ሁለቱም ሰዓቶች ከእጅ የሚያመልጡ ሆነው ያገኟቸዋል። ስለዚህ ከመግቢያውና ከቀደሙ ጽሑፎች ቅኝት በፊት ስለ መለኪያው እናውራ።

«በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ትጠቀማለህ? ብዬ ብጠይቅ አይበቃም ወይ?» ይሉ ይሆናል። አይበቃም። ስልክ የምናየው በቁርጥራጭ ነው፤ ሦስት ደቂቃ እዚህ፣ ዐሥር ደቂቃ እዚያ። ማንም ደምሮ አያስታውሰውም። በ2021 እ.ኤ.አ. ፓሪና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሰዎች የተናገሩትን ሰዓት ስልኩ ራሱ ከመዘገበው ጋር አወዳድረው ነበር። በሁለቱ መካከል ያገኙት ትስስር 0.38 ገደማ ነው። ፍጹም ቢገጣጠሙ ኖሮ 1 ይሆን ነበር። በመጠይቅ ብቻ የተሰበሰበ የስልክ ሰዓት እንግዲህ የትክክለኛው ሰዓት ደብዛዛ ጥላ ነው።

ደግነቱ ስልኩ ራሱ ይመዘግባል። በአንድሮይድ ስልኮች ቅንብር ውስጥ `Digital Wellbeing`፣ በአይፎን ደግሞ `Screen Time` የሚል ቦታ አለ። እዚያ ሲገቡ በየቀኑ ስንት ሰዓትና ደቂቃ እንደተጠቀሙ፣ በየትኛው መተግበሪያ ላይ እንደቆዩ ይታያል። ለተማሪው የሚሰጡት ሥራ ቁጥሩን ገልብጦ መጻፍ ብቻ ነው። የስክሪን ፎቶ አይጠይቁ። ተማሪው የማይፈልገውን መተግበሪያ ስም ያጋልጥበታል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ፕሮፖዛሉን ሊመልስብዎ ይችላል። የደቂቃው ድምርና እርስዎ የሚፈልጓቸው ጥቂት መደቦች ይበቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የእኛ ተማሪ የሚያጠናው በምንድን ነው? ሃንድአውቱ በቴሌግራም ይላካል፣ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ነው፣ ያልገባውን ትምህርት ደግሞ በዩቲዩብ ያያል። አንድ ተማሪ ማክሰኞ ዕለት ስልኩ ላይ 6 ሰዓት ቆየ እንበል። ከዚህ ውስጥ 2 ሰዓት ፒዲኤፍ አነበበ፣ ግማሽ ሰዓት የኮርስ ቪዲዮ አየ። በወረቀት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ሠራ። የጥናት ሰዓቱ 4 ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩሉ ግን በስልኩ ሰዓት ውስጥም ተቆጥሯል። ይህ ሳይለይ ከተደመረ ስልኩን ለትምህርት አብዝቶ የሚጠቀመው ተማሪ «ስልክ ያበዛ፣ ጥናትም ያበዛ» ሆኖ ይወጣል። ውጤቱ ስልክ ጥናትን አይነካም ወይም እንዲያውም ይረዳል ሊልዎ ይችላል።

መፍትሔው የስልኩን ሰዓት ለሁለት መክፈል ነው፦ ለትምህርት የዋለና ለሌላ የዋለ። የእኛ ማክሰኞ እንግዲህ 2 ሰዓት ተኩል ለትምህርት፣ 3 ሰዓት ተኩል ለሌላ ይሆናል። ከጥናት ሰዓት ጋር የሚነጻጸረው ሁለተኛው ነው። ስልኩ ግን ቴሌግራም ላይ የቆየው ደቂቃ ለሃንድአውት ይሁን ለወሬ አይነግርዎትም። ይህን ተማሪው ማታ ማታ በሚሞላት አጭር ቅጽ ላይ በግምት ይከፍለዋል። ግምት ነው፤ ቢሆንም የዛሬውን ነውና ካለፈው ወር ትዝታ በእጅጉ ይሻላል።

በዚህች ቅጽ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ስልኩ ቀኑን የሚቆርጠው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የሚያጠና ተማሪ ግን ያንን ሁሉ እንደ አንድ ማታ ይቆጥረዋል። ቅጹ ላይ «ቀኑ ከሌሊቱ 6 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው» ብለው ካልጻፉ የጥናቱ ሰዓት በአንዱ ቀን፣ የስልኩ ሰዓት በሌላው ቀን ይገባል።

«ስንት ተማሪ ያስፈልገኛል?» ግቢው 4,000 መደበኛ ተማሪ አለው እንበል። ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ያማኔ ቀመር ነው፦

```
n = N / (1 + N × e²)
n = 4000 / (1 + 4000 × 0.05²) = 364
```

እዚህ ላይ N የሁሉም ተማሪ ቁጥር፣ e የምንታገሠው ስሕተት፣ n የናሙናው መጠን ነው። ይህ ቀመር ግን የተሠራው «ከመቶ ስንቱ?» ለሚል ጥያቄ ነው። የእርስዎ ጥያቄ ስለ ትስስር ነው። በተለመደው መስፈርት 0.2 የሚያህል ደካማ ትስስርን እንኳ ለማየት 194 ተማሪ ገደማ ይበቃል። ከዐሥር አንዱ ቢያቋርጥ ብለን 216 እንያዝ።

ልዩነቱ በኪስ ይታያል። መጠይቁና የሳምንቱ ቅጽ 5 ገጽ ቢሆኑ፣ ገጹንም በ5 ብር ብናሰላው፣ ለ216 ተማሪ 5,400 ብር ይሆናል። ለእያንዳንዱ የ50 ብር ካርድ ቢሰጡ 10,800 ይጨመራል፤ ድምሩ 16,200 ብር። በያማኔ ቢሄዱ ግን ማቋረጡን ጨምሮ 405 ሰው ነው፤ ወጪውም 30,375 ብር። በእኔ አስተያየት የተረፈው 14,175 ብር በየሁለት ቀኑ ቅጹን እየዞሩ ለሚሰበስቡ ሁለት ልጆች ቢውል ይሻላል። አማካሪዎ ያማኔን ከፈለጉ ስሌቱን አብረው ያሳዩአቸው እንጂ አይከራከሩ።

ተማሪዎቹ በሬጅስትራሩ ዝርዝር ላይ ዕጣ ወጥቶ ይመረጡ፤ እንደየትምህርት ክፍሉ ብዛት። ከ4,000ው 1,000ው ማኅበራዊ ሳይንስ ከሆነ ከ216ቱ 54ቱ ከዚያ ይመጣሉ። ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቆሞ ማደል ግን ይቅር። እዚያ የሚያገኙት አጥኚዎቹን ነው።

ሰዓቶቹ ሲሰበሰቡ የትስስሩ ቁጥር r ይሰላል፤ ከ-1 እስከ +1 ይሄዳል። ለሌላ የዋለው የስልክ ሰዓት ሲጨምር ጥናት የሚቀንስ ከሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። -0.3 ወጣ እንበል። ይህን በራሱ ሲያባዙት 0.09 ነው፤ ተማሪዎች በጥናት ሰዓት ከሚለያዩበት ልዩነት ከመቶ 9 ያህሉ ከስልኩ ጋር አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። የቀረው ሌላ ቦታ ነው፦ የትምህርት ክፍል፣ የዶርም ጫጫታ፣ የፈተና ሳምንት።

ደግሞም ስልኩ ጥናቱን አስቀረ ወይስ ጥናቱ የሰለቸው ልጅ ስልኩን አነሣ? በአንድ ሳምንት መረጃ ይህ አይለይም። ስለዚህ ርዕስዎ ላይ «ተጽዕኖ» ብለው አይጻፉ፤ ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚይዙዎት እዚያ ነው። «ግንኙነት» ይበሉ። ሳምንቱም ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ፈተና ወይም በዓል የሌለበት።

ፕሮፖዛሉ ላይ የሙከራ ዙርም ያስገቡ። ከናሙናው ውጭ ላሉ 15 ተማሪዎች ቅጹን ለአንድ ሳምንት ይስጡ። ሲመለስ ቁጥሮቹን ይመልከቱ። ሰባቱም ቀን 4፣ 4፣ 4 ከሆነ፣ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶና በአንድ አጻጻፍ ከተሞላ፣ ልጁ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብሎ የጨረሰው ነው። የስልኩ ደቂቃ በ00 እና በ30 ብቻ የሚያልቅ ከሆነም ከስክሪኑ አልተገለበጠም። እንዲህ ያሉ ቅጾች ከ15ቱ ሦስት አራት ከሆኑ ቅጹን ያሳጥሩ፣ መሰብሰቢያውንም ከየሁለት ቀን ወደ በየቀኑ ያውርዱትና እንደገና ይሞክሩ።