ከገንዘቡ መጠን አጠገብ ያሉት ሦስት ፊደላት

አንድ አስመጪ ከውጭ የተላከለት ኢንቮይስ “5,000 ዶላር” ብቻ ይላል እንበል። ይህ ለባንክ በቂ አይደለም። አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ሁሉም ገንዘባቸውን ዶላር ይሉታል፤ ዋጋው ግን ለየቅል ነው፤ የሚጠቀሙበት ምልክትም ያው $ ነው። USD፣ CAD ወይም AUD ተብሎ ሲጻፍ ግን ጥያቄው ያበቃል።

እነዚህን መለያዎች የሚወስነው አይ.ኤስ.ኦ 4217 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ የወጣውም በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የአገሩ መለያ ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የገንዘቡ ስም መነሻ ፊደል ነው። ET ኢትዮጵያ፣ B ብር፣ በአንድ ላይ ETB ይሆናል። የኬንያ ሽልንግ KES፣ የሳዑዲ ሪያል SAR የተባሉት በዚሁ መንገድ ነው። የአንድ አገር ብቻ ያልሆነ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በX ይጀምራል፤ ስድስት የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚገበያዩበት ፍራንክ XAF ነው። ዩሮ ግን EUR በመባሉ ከዚህ ይለያል።

ሦስተኛው ፊደል ስሙን የማይከተልበት ጊዜም አለ። ጎረቤታችን ሱዳን ጥሩ ማሳያ ናት። የድሮው የሱዳን ፓውንድ SDP ነበር። በ1992 ዲናር ሲተካው SDD መጣ፤ አንዱ ዲናርም በአሥር የድሮ ፓውንድ ተመነዘረ። በ2007 አገሪቱ ወደ ፓውንድ ስትመለስ አዲሱ ፓውንድ መቶ ዲናር፣ ማለትም አንድ ሺህ የድሮ ፓውንድ ያወጣ ነበር። ስሙ አንድ ቢሆንም ዋጋው ሺህ እጥፍ ስለሚራራቅ የቀድሞውን መለያ መልሶ መጠቀም የድሮ ሰነዶችን ከአዲሶቹ ጋር ያደባልቅ ነበር። ስለዚህ አዲሱ SDG ተባለ። መለያው ሲቀየር ካዩ፣ ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ ላይ ዜሮዎች ተቀንሰዋል ማለት ነው።

ደረጃው ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ እንደሚጻፍም ይወስናል። ብር በመቶ ሳንቲም ስለሚከፈል ሁለት አሃዝ አለው፤ የጃፓን የን ምንም የለውም። የኩዌት ዲናር ግን በ1,000 ፊልስ ስለሚከፈል ሦስት አሃዝ ይይዛል። ስለዚህ ከኩዌት ገንዘብ የሚልክ ሰው ደረሰኙ ላይ “KWD 1.500” የሚል የአገልግሎት ክፍያ ቢያይ አይደንግጥ፤ የተቆረጠበት አንድ ዲናር ከግማሽ እንጂ አንድ ሺህ አምስት መቶ አይደለም።

ኢንቮይስ ሲያዘጋጁም ሆነ የሐዋላ ቅጽ ሲሞሉ ከምልክቱ ይልቅ መለያውን ይጻፉ፤ ከመፈረምዎ በፊትም በሁለቱ ሰነዶች ላይ ያሉት ሦስት ፊደላት አንድ መሆናቸውን ያመሳክሩ።