በማታ ሰዓትና በእጅ ስልክ የሚገኝ ገቢ፦ ለተማሪዎች የቀረበ ዳሰሳ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያው ከተለቀቀ ወዲህ፣ የታክሲው፣ የፎቶ ኮፒውና የሻዩ ዋጋ ሲንር ከቤት የሚላከው ገንዘብ ግን ባለበት ስለ ቀረ፣ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ከራት በኋላ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ሆኗል፤ ይኸውም ቀኑን በትምህርት የሚያውል፣ ማታውንና ስልኩን ብቻ የያዘ ተማሪ ከምን ሥራ ጥቂትም ቢሆን የማይቋረጥ ገቢ ያገኛል የሚለው ነው።

የአየር ሰዓት መሸጥና በቴሌግራም የሰው ዕቃ እያስተዋወቁ ኮሚሽን መቀበል በብዙዎች አፍ ያሉ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ገዢው የሚደውለው ሻጩ ክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት ስለሆነ፣ ማታ ብቻ ለሚሠራ ሰው አይበጁም።

የተቀዳ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከእነዚህ ይሻላል። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያጠኑ ሰዎች በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የቀዱትን ቃለ መጠይቅ የሚገለብጥላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሥራውን የሚቀበል ግን አስቀድሞ አምስት ደቂቃ ያህሉን ገልብጦ ጊዜውን ይለካ፤ ጥርት ያለ የአንድ ሰዓት ቅጂ ለለመደ ጸሐፊ እንኳ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ሰዎች እየተሻሙ የሚናገሩበት የቡድን ውይይት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የሌላውን የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ መጻፍ ከዚህ ጋር ተያይዞ ሲጠራ እሰማለሁ፤ እርሱ በደል እንጂ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልቡናዬን የሚይዘው ግን በ2016 ዓ.ም. ወጣቱን ሁሉ ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ሃምስተር ኮምባት የተባለው ጨዋታ ነው። ማያ ገጹን መታ መታ በማድረግ የሚከማቸው ነጥብ ኋላ ወደ ገንዘብ ይለወጣል ተብሎ ስንት ሌሊት ባከነ! ባለቤቶቹ ከ300 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች አለን ብለው ነበር፤ ድርሻ ይገባቸዋል ብለው የለዩት ግን 131 ሚሊዮኑን ነበር። የክፍፍሉ ዕለት መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በእኛ ዘንድ የደመራ ዕለት፣ በደረሰ ጊዜ የጨዋታው የአንዱ ዲጂታል ሳንቲም ዋጋ በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታትም ከዚያ ወረደ። ጉድለቱ የዋጋው ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ተጫዋቹ ለማን እንደሚሠራ፣ በምን ቀን እንደሚከፈለውና ስንት እንደሚደርሰው ሳያውቅ መድከሙ ነበር። እነዚህ ሦስቱ ያልታወቁበት ነገር፣ በተለይም አስቀድመህ ክፈል የሚል ከሆነ፣ ቋሚ ገቢ ሊባል አይችልም።

ሦስቱም አስቀድመው የሚታወቁበት ሥራ ማስጠናት ነው። ለአብነት ያህል፣ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ በሳምንት ሦስት ማታ ለአንድ ሰዓት ተኩል እቤቱ ሄዳ በወር 3,000 ብር ታስጠናው እንበል። በወር 12 ጊዜ ስትመላለስ፣ የደርሶ መልስ ታክሲው 40 ብር ቢሆን 480 ብር ይሄዳል፤ የመንገዱ አንድ ሰዓት ከማስጠናቱ ጋር ሲደመር ድካሟ 30 ሰዓት ስለሚሆን፣ ለሰዓቱ የሚደርሳት 84 ብር ነው። ይህችው ተማሪ የአንድ ክፍል ሦስት ልጆችን በቴሌግራም የቡድን ጥሪ በነፍስ ወከፍ በ1,000 ብር ብታስጠና፣ ለእያንዳንዱ የአንድ ሰዓት ትምህርት ሌላ አንድ ሰዓት ብትዘጋጅና ለዳታ 200 ብር ብታወጣ፣ በ24 ሰዓት 2,800 ብር፣ ለሰዓቱም 117 ብር ገደማ ታገኛለች፤ በጨለማም ከመመላለስ ትድናለች።

መሰናክሉም ግልጽ ነው። መኝታ ክፍሉ ይጮኻል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ድምፅ አያስወጣም፤ ስለዚህ ልጆችን ከመያዝ በፊት ባዶ የመማሪያ ክፍል መፈለግ ይቀድማል። ክፍያውን በወሩ መጀመሪያ በቴሌብር መቀበል ይገባል፤ ሁለተኛው ወር ገብቶ «ነገ እልካለሁ» የሚል ወላጅ ሦስተኛውንም እንደሚያዘገይ ይጠበቃልና። በክረምት ልጆቹ ስለሚያርፉ ገቢው ይቋረጣል፤ የሰኔን ክፍያ ከፊሉን ማስቀመጥ ግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከምንዛሪው ለውጥ ወዲህ በይበልጥ የሚፈለገው ቅርንጫፍ በአሜሪካ ለሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛ ማስተማር ነው፤ ዋጋው በዶላር ስለሚቈረጥ የብሩ መውደቅ አስተማሪውን አይጎዳውም። ነገር ግን የእኛ ማታ በዋሽንግተን የትምህርት ቤት ሰዓት ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይቀራሉ። ደግሞም እነርሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ በእነርሱ ከጧቱ አራት ሰዓት የሚጀመረው የቅዳሜ ትምህርት በበጋቸው በእኛ ማታ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ መጋቢት መባቻ ግን 12 ሰዓት ይሆናል፤ ይህን ለወላጆች በጥቅምት አጋማሽ ያላሳሰበ አስተማሪ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ማንም በሌለበት ጥሪ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ያሳልፋል።