ድስት የሸጠው ግሩፕ

ካናዳዊው የኮምፒዩተር ባለሙያ ሮበርት ዋንግ ሥራውን ካጣ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ሠራ። «ኢንስታንት ፖት» ይባላል፤ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዋንግ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ፋንታ ድስቱን ወደ 200 ለሚጠጉ ሼፎች፣ የምግብ አሠራር አስተማሪዎችና ጦማሪዎች ላከ። በኋላ በተከፈተው የፌስቡክ ግሩፕ ውስጥ በ2017 መጨረሻ ከ700,000 በላይ ሰዎች ተሰባስበው ነበር።

ለድስት ይህን ያህል ሰው ምን ያሰባስበዋል? ፍርሃት ነው። አዲስ ገዢ የታፈነ እንፋሎት ይፈነዳል ብሎ ይሰጋል፤ ብዙዎች ድስቱን ከነካርቶኑ ያቆዩታል። ደፍሮ የሞከረው ደግሞ ስክሪኑ ላይ Burn የሚል ጽሑፍ ሲያይ ይደነግጣል። ጥያቄውን ከፎቶ ጋር ግሩፑ ውስጥ ሲጥል ያው ነገር የደረሰበት ሌላ ገዢ ይመልስለታል፦ እንፋሎቱን አስወጣ፣ ከሥር የያዘውን ፋቅ፣ ትንሽ ውኃ ጨምር፣ የቲማቲም ድልሁን አታማስለው፣ ከላይ ተወው። በዚህ መንገድ ሊመለስ የነበረ ዕቃ ኩሽና ውስጥ ይቀራል፤ ነገ ደግሞ ያው ሰው ለሌላው መላሽ ይሆናል። ዝነኛ ቪዲዮ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ሚሊዮን ሰው አይቶት ያልፋል፤ በማግስቱ ጥያቄ ያለው ሰው የት ሄዶ ይጠይቅ?

ግሩፕ ግን ሁሉን አይፈታም። ድስቱ ጠንካራ ነው፣ ለአንድ ቤት ደግሞ አንዱ ይበቃል። ሽያጩ ቀዘቀዘ፣ ዕዳው ከበደ፤ ባለቤቱ ኩባንያ ኢንስታንት ብራንድስ በ2023 አሜሪካ ውስጥ በኪሳራ ሕግ ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ጠየቀ። አባላቱ ምርቱን ቢወዱትም ሁለተኛ ድስት አያስፈልጋቸውም ነበር።

በኛ አገር ይህ ሥራ በአብዛኛው ቴሌግራም ላይ ነው የሚካሄደው። ቻናል ባለቤቱ ብቻ የሚናገርበት ሲሆን ግሩፕ ሁሉም የሚያወራበት ነው፤ ሁለቱን ማገናኘት ስለሚቻል ከቻናሉ ጽሑፍ ሥር አስተያየት ይከፈታል። ብዙ ነጋዴ ግን «10 ሰው የጨመረ ይሸለማል» ብሎ ቁጥር ያበዛል፣ ቀኑን ሙሉ የዕቃ ፎቶና ዋጋ ይደረድራል። አባሉም ድምፁን ያጠፋዋል። ይህ ሲሆን ምልክቱ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ባለችው የዓይን ምልክት ጎን ይታያል፦ አባላቱ እየበዙ ተመልካቹ ባለበት ከቆመ፣ የተጨመሩት ሰዎች ቻናሉን እየከፈቱት አይደለም።

ግሩፑ ላይ ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ። የቡና ጀበና የሚሸጥ ሰው ግሩፕ ቢከፍትና «አዲስ ጀበና እንዴት ይሟሻል?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ ማን እንደመለሰ ይመልከት። ሁሌም ራሱ ሻጩ ከሆነ የከፈተው የደንበኞች መልስ መስጫ ነው። ሌሎች ገዢዎች ቀድመውት መመለስ ከጀመሩ ግን የሱ ድርሻ የተሳሳተውን ማረም፣ ማስታወቂያ የሚበትኑትን ማስወጣትና በብዛት የተጠየቀውን ጽሑፍ ከላይ መሰካት ይሆናል።